መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለስልክ ቻርጅ ማድረጊያ የሶላር ፓኔል፣ የባትሪና የኮንትሮለር መጠን እንዴት ይሰላል?

ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ ሱቅ ያላቸው አንዲት እናት ስልክ በሶላር ቻርጅ ማድረግ ሊጀምሩ ፈልገው ምክር ሲጠይቁኝ፣ በቀን ስንት ስልክ እንደሚመጣላቸው ጠየቅኋቸውና «ስምንት፣ ቢበዛ ዘጠኝ» አሉኝ። ለሦስት ሳምንት መብራት ያለበትንና የሌለበትን ቀን ለይተው በደብተር እንዲመዘግቡ ከተስማማን በኋላ ግን መብራት ሙሉ ቀን በጠፋበት አንድ ቀን ብቻ 34 ስልክ ተመዝግቦ አገኘን። መብራት ሲኖር ሰው ስልኩን ቤቱ ቻርጅ ያደርጋል፤ ሲጠፋ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣል። በዚህ ምክንያት ስሌቱ መነሣት ያለበት ከአማካይ ቀን ሳይሆን መብራት ከጠፋበት ቀን ነው። ከዚህ በታች ያለው ስሌት በሙሉ የተሠራው በእሳቸው ደብተር ላይ ባለው በዚያ ቀን ቁጥር ነው።

የቀኑን ፍጆታ ማስላት

በመጀመሪያ እያንዳንዱ ስልክ ከባትሪው የሚወስደውን ኃይል በዋት-ሰዓት ይወቁ። ዛሬ በብዛት የሚገኘው ስማርት ስልክ 5000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ አለው፤ ይህም በ3.85 ቮልት ሲባዛ 19 ዋት-ሰዓት ገደማ ይሆናል። ስልኩ አብዛኛውን ጊዜ ጨርሶ ሳይሞት፣ ከ15 እስከ 20 በመቶ ቀርቶት ስለሚመጣ የሚሞላው 16 ዋት-ሰዓት ያህል ነው። ከ12 ቮልት ወደ 5 ቮልት ሲቀየርና ስልኩ ውስጥ በሙቀት መልክ የሚባክነው ሲታከልበት ለአንድ ስማርት ስልክ 20 ዋት-ሰዓት፣ ለአንድ ባለ ቁልፍ ስልክ ደግሞ 5 ዋት-ሰዓት መያዝ ተገቢ ነው።

በዚያ ቀን የመጡት 22 ስማርት ስልኮችና 12 ባለ ቁልፍ ስልኮች ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ 440፣ ሁለተኞቹ 60 ዋት-ሰዓት ይወስዳሉ፤ ማታ ለአራት ሰዓት የምትበራ ባለ 5 ዋት አምፖል 20 ስትጨምርበት ድምሩ 520 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ይህን በ12 ቮልት ስናካፍለው 43 አምፔር-ሰዓት እናገኛለን። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ቁጥር ላይ ነው።

ስሌቱ የሚይዘው ግን ስልኮቹ ያለ ኢንቨርተር፣ በመኪና ውስጥ እንደሚሰካው ዓይነት ከ12 ቮልት በቀጥታ ወደ ዩኤስቢ በሚቀይር መሣሪያ ሲሞሉ ነው። ኢንቨርተር ገዝቶ የግድግዳ ቻርጀር መደርደር ቀላል መስሎ ቢታይም፣ አንድ ተራ ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት እንኳ 10 ዋት ያህል ሊበላ ይችላል፤ ይህም በአሥር ሰዓት ውስጥ 100 ዋት-ሰዓት፣ ማለትም አምስት ደንበኞች ሊሞሉበት የሚችሉት ኃይል ነው።

ባትሪው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ባትሪ በትልቁ ከተገዛ ችግሩ ሁሉ የተፈታ ይመስላል። ባትሪው የሚያስፈልገው ግን ፀሐይ በሌለችበት ሰዓት የሚወጣውን ለመሸፈን ብቻ ነው። የሳቢያኗ ሱቅ ከፀሐይ በኋላ የምታወጣው 15 አምፔር-ሰዓት ያህል ነው። በማግስቱ ሰማዩ ከደመነና ፓኔሉ ከወትሮው አንድ ሦስተኛውን፣ ማለትም 15 አምፔር-ሰዓት ብቻ ከሰጠ፣ ከ43ቱ የሚጎድለው 28 ከማታው 15 ጋር ተደምሮ 43 ይደርሳል። ስለዚህ ባትሪው ሳይጎዳ ሊሰጥ የሚገባው ወደ 43 አምፔር-ሰዓት ነው ማለት ነው። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች በተደጋጋሚ ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር ይህ ቁጥር በሁለት ተባዝቶ 86 ይሆናል፤ ገበያ ላይ ያለው ቅርብ መጠን ደግሞ 100 አምፔር-ሰዓት ነው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከሆነ 80 በመቶው በሰላም ስለሚወጣ ከ55 እስከ 60 አምፔር-ሰዓት ይበቃል፤ ነገር ግን በፓኔሉና በባትሪው መካከል ሆኖ አሞላሉን የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር የሊቲየም ማስተካከያ ያለው መሆን አለበት።

የመኪና ባትሪ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሞተር ለማስነሣት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ አምፔር እንዲሰጥ እንጂ በየቀኑ እስከ ግማሽ እንዲወርድ አልተሠራም፤ ስለዚህ ለሶላር የተሠራ፣ ደጋግሞ መውረድን የሚችል ባትሪ ይጠይቁ። ባትሪውን ከልክ በላይ ማተለቅም የራሱ ጉዳት አለው፤ ፓኔሉ ሊሞላው የማይችለው የእርሳስ ባትሪ ሁልጊዜ ጎዶሎ ሆኖ ሲቀመጥ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት እየጠነከረ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል።

በድሬዳዋ ደግሞ ሙቀቱ አለ። የእርሳስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ባትሪው ፀሐይ ከሚመታው ቆርቆሮ ሥር ሳይሆን ወለሉ አጠገብ፣ ጥላና አየር ባለበት ይቀመጥ። ሐረር ከፍ ብላ ስለምትገኝ ይህ ችግር እዚያ በጣም ይቀላል።

ፓኔሉና ኮንትሮለሩ አብረው ይመረጣሉ

ሁለቱን ለየብቻ መግዛት ትልቁ የገንዘብ ብክነት ምንጭ ነው። ኮንትሮለር ሁለት ዓይነት ነው። ርካሹ ፒደብልዩኤም ፓኔሉን ከባትሪው ጋር በቀጥታ እንደማገናኘት ያለ ሥራ ስለሚሠራ የፓኔሉን ቮልቴጅ ወደ ባትሪው ቮልቴጅ ጎትቶ ያወርደዋል፤ ከፓኔሉ የሚያልፈው አምፔር ብቻ ነው። ውዱ ኤምፒፒቲ ግን ትርፉን ቮልቴጅ ወደ አምፔር ይቀይረዋል።

ለ12 ቮልት ባትሪ የተሠራ ባለ 36 ሴል ፓኔል፣ ከጀርባው በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ Vmp፣ ማለትም ከፍተኛ ኃይል ሲሰጥ ያለው ቮልቴጅ፣ ወደ 18 ቮልት የሆነው፣ ከፒደብልዩኤም ጋር በደንብ ይስማማል። ባለ 200 ዋቱ Imp፣ ማለትም በዚያው ጊዜ የሚሰጠው አምፔር፣ 11 ገደማ ነው። በአካባቢያችን በዝቅተኛው ወቅትም ቢሆን በቀን አምስት የሙሉ ፀሐይ ሰዓት ብንይዝ 55 አምፔር-ሰዓት ይሰጣል፤ ለአቧራ 10 በመቶ፣ በባትሪው በኩል ለሚያልፈው ደግሞ ጥቂት ስንቀንስ 46 ይቀራል። ከሚያስፈልገው 43 ይበልጣል፤ ልዩነቱ ግን 3 ብቻ ነው። በደመና ቀን የተበደረውን 28 አምፔር-ሰዓት በዚህ ትርፍ ብቻ ለመመለስ ከዘጠኝ ቀን በላይ ይወስድ ነበር። መብራት በተመለሰ ቀን ግን ፍጆታው ከግማሽ በታች ስለሚወርድ ዕዳው በአንድና በሁለት ቀን ይከፈላል። መብራት ለተከታታይ ቀናት በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ስለማይሠራ ሁለት ባለ 150 ዋት ፓኔሎችን በትይዩ፣ ማለትም ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ ጋር፣ ማገናኘት ያስፈልጋል።

የኮንትሮለሩን መጠን ለማግኘት ከፓኔሉ ጀርባ Isc የተባለውን ቁጥር፣ ማለትም ፓኔሉ ሊሰጥ የሚችለውን ከፍተኛ አምፔር፣ በ1.25 ያባዙ። ለባለ 200 ዋቱ 11.7 ሲባዛ 14.6 ስለሚሆን ባለ 20 አምፔር ይገዛል፤ ለሁለቱ ባለ 150 ዋቶች ግን ወደ 22 ስለሚደርስ ባለ 30 አምፔር ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ብክነቱ እንምጣ። ገበያ ላይ ትልልቆቹ ባለ 550 ዋት ፓኔሎች ለአንድ ዋት ሲሰላ ስለሚረክሱ ሰው ይመርጣቸዋል። የእነዚህ Vmp ወደ 41 ቮልት፣ Imp ደግሞ 13 አምፔር ገደማ ነው። በፒደብልዩኤም ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ሲገናኙ 13 አምፔር በ13 ቮልት፣ ማለትም 170 ዋት ያህል ብቻ ይሰጣሉ፤ ከተከፈለበት ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ጣሪያ ላይ ቀረ ማለት ነው። ከዚህም በላይ ፓኔሉ ምንም ጭነት ሳይኖርበት የሚያሳየው ቮልቴጅ 50 ስለሚደርስ አቅሙ ዝቅተኛ የሆነ ኮንትሮለር ሊቃጠል ይችላል። እንዲህ ያለ ፓኔል የሚገዛ ሰው እውነተኛ ኤምፒፒቲ መግዛትና፣ ለ100 አምፔር-ሰዓት የእርሳስ ባትሪ የመሙያ ጅረቱን 20 አምፔር ላይ መገደብ አለበት።

«እውነተኛ» ያልኩት በምክንያት ነው። አንድ ጊዜ ሳጥኑ ላይ ኤምፒፒቲ ተብሎ የተጻፈበት ኮንትሮለር ገዝቼ ነበር። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ፣ ባትሪው ገና ሳይሞላ፣ ቴስተሩን ባትሪው በሚገባበት ብሎን ላይ ሳደርገው 13.4 ቮልት አነበበ፤ ወደ ፓኔሉ ብሎን ሳዛውረው 13.6 ሆነ። እውነተኛው ቢሆን ኖሮ የፓኔሉ በኩል ባለ 36 ሴል ከሆነ 16 ወይም 17፣ ትልቁ ፓኔል ከሆነ ከ35 በላይ ማንበብ ነበረበት። ይህን ፈተና ሱቅ ውስጥ ማድረግ ስለማይቻል ገንዘብ ሲከፍሉ የመመለሻ ጊዜ ይዋዋሉ።

መግጠምና መከታተል

ፓኔሉ ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ፣ ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው 15 ዲግሪ ያህል ይጋደም፤ ከቆርቆሮው በ10 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል። የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ ጥቂት ሴሎች ላይ ማረፉ የፓኔሉን ምርት በግማሽ ሊቀንስ ስለሚችል የጠዋቱንም የከሰዓቱንም ጥላ ተመልክተው ቦታ ይምረጡ። ከፓኔሉ እስከ ኮንትሮለሩ 10 ሜትር ከሆነ 6 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ ይጠቀሙ፤ በቀጭን ሽቦና በሞቀ ፓኔል ላይ ቮልቴጁ ወርዶ ባትሪው ሙሉ በሙሉ ሳይሞላ ይቀራል። ባትሪው አጠገብ በፖዘቲቩ ላይ ባለ 20 አምፔር ፊውዝ ይግባ፤ ለሁለቱ ፓኔሎች ግን ባለ 30 አምፔር ያስፈልጋል። ሲያገናኙ ባትሪው ይቅደም፣ ፓኔሉ ይከተል፤ ሲነቅሉ ፓኔሉ ይቅደም።

ብዙ ኮንትሮለሮች ጭነቱን የሚቆርጡት ባትሪው ወደ 11 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ ነው። ያን ጊዜ የእርሳስ ባትሪው ባዶ ሊሆን ደርሷል። ቁልፎቹን ተጠቅመው መቁረጫውን 11.8፣ መልሶ መክፈቻውን 12.6 ያድርጉት። የኮንትሮለሩን የጭነት መውጫ አምፔርም ይመልከቱ፤ አሥር ስልኮች በአንድ ጊዜ እያንዳንዳቸው 10 ዋት ሲስቡ ከ8 አምፔር በላይ ይደርሳል፤ ስለዚህ የፈጣን ቻርጅ ሶኬት ከመደርደር ተራውን ባለ 5 ቮልት ይምረጡ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፀሐይ ሳትወጣ፣ አንድም ስልክ ሳይሰካ የባትሪውን ቮልቴጅ ይለኩና በዚያው ደብተር ላይ ይጻፉ። 12.5 ገደማ ከሆነ ስሌቱ ሠርቷል። ለሦስት ጠዋት በተከታታይ ከ12.2 በታች ከሆነ ፓኔሉ የሚወጣውን እየመለሰ አይደለም፤ ያኔ መጀመሪያ አቧራውን፣ ቀጥሎ ጥላውን፣ ከዚያ የሽቦ ብሎኖቹን ይመልከቱ። ሁሉም ደህና ከሆነ የሚጨመረው ፓኔል እንጂ ባትሪ አይደለም።