ሽንኩርቱ በቲማቲም ቦታ ሲገባ፦ በማትሪክስ ስንሠራ የምንሳሳታቸው

ጎንደር ውስጥ ማታ ማታ ሒሳብ አስጠናለሁ። ሰሞኑን ለተማሪዎቼ የገበያ ጥያቄ ሰጠኋቸው። ዋጋውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። አንዲት ሴት ቅዳሜ ገበያ ወጥታ 3 ኪሎ ሽንኩርትና 2 ኪሎ ቲማቲም በ290 ብር ገዛች። ጎረቤቷ ደግሞ 4 ኪሎ ቲማቲምና 5 ኪሎ ሽንኩርት በ510 ብር። የኪሎው ዋጋ ስንት ስንት ነው?

ቁጥሮቹን እንደተነገሩ መደርደር

ብዙዎቹ የወደቁት እዚህ ነው። በሁለተኛው ግዢ ቲማቲም ቀድሞ ስለተጠራ 4ን ከ3 ሥር፣ 5ን ከ2 ሥር ጻፉ። ሽንኩርትን x፣ ቲማቲምን y ካልን ትክክለኛው ይህ ነው፦

```
3x + 2y = 290
5x + 4y = 510
```

ዲተርሚናንቱ 3×4 − 2×5 = 2 ነው። በተዛባው አደራደር ግን 3×5 − 2×4 = 7 ይወጣል። ከዚያ ሽንኩርት 61.43፣ ቲማቲም 52.86 ብር ይሆናል። ዋጋው ያሳምናል፣ ማንም አይጠረጥረውም! ይባስ ብሎ በመጀመሪያው እኩልታ ብታረጋግጡት ልክ 290 ይሰጣችኋል። የሚያጋልጠው ሁለተኛው ነው፤ 510 መሆን ሲገባው 518.57 ይላል። ስለዚህ ማረጋገጫው ሁልጊዜ በሁለቱም ይሁን፤ ያውም ከጥያቄው ላይ ተነሥታችሁ እንጂ ከማትሪክሱ ላይ አይደለም።

ኢንቨርሱን በግማሽ መተው

ለሁለት በሁለት ማትሪክስ ኢንቨርስ ስናወጣ 3 እና 4 ቦታ ይለዋወጣሉ። 2 እና 5 ግን ባሉበት ሆነው ምልክታቸው ብቻ ይቀየራል። አራቱንም የሚያገላብጥ አይጠፋም።

```
[ 4  -2] [290]   [140]
[-5   3] [510] = [ 80]
```

እዚህ ላይ "ቲቸር፣ ጨረስኩ!" የሚለኝ አለ። ገና በዲተርሚናንቱ አላካፈለም። ለ2 ሲካፈል ሽንኩርት 70፣ ቲማቲም 40 ብር ይሆናል። ማካፈሉ ከተረሳ ሁለቱም ድምሮች እጥፍ ሆነው፣ 580 እና 1020 ይመጣሉ። ድምሮቹ በዲተርሚናንቱ ልክ ካበጡ ችግሩ የት እንዳለ ወዲያው ይታወቃል።

ደግሞ ኢንቨርሱ የሚጻፈው ከብሩ ዓምድ በስተግራ ነው። በስተቀኝ ከሆነ ብዜቱ ጭራሽ አይሠራም።

ዲተርሚናንቱ ዜሮ ሲሆን "መልስ የለውም" ብሎ መዝጋት

ዜሮ ከሆነ ኢንቨርስ የለም፣ የክሬመር ዘዴም አይሠራም። መልስ የለውም ማለት ግን ላይሆን ይችላል። ጎረቤቷ 6 ኪሎ ሽንኩርትና 4 ኪሎ ቲማቲም በ580 ብር ገዝታ ቢሆን ኖሮ፣ የመጀመሪያው ግዢ ሲታጠፍ ነው። አዲስ ነገር አልነገረችንም፤ የሚስማሙ ዋጋዎች እልፍ ናቸው። በ600 ብር ከገዛች ግን ሁለቱ ግዢዎች ይጋጫሉ፤ መልስ የለም ማለት ያን ጊዜ ነው። ዲተርሚናንቱ ለሁለቱም ዜሮ ስለሆነ አይለያቸውም። ሁለተኛውን እኩልታ ለ2 አካፍላችሁ ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩት፦ 290 ከወጣ እልፍ መልስ አለ፣ 300 ከወጣ ግን ምንም የለም።