የጣሪያ ላይ የሙቅ ውኃ ቧንቧን እንዴት እንሸፍን? ሮቶውንስ?

አራት ኪሎ አካባቢ ያለው ቤታችን ጣሪያ ላይ ሮቶ አለ። ከጎኑ የሶላር ውኃ ማሞቂያ ተተክሏል። ከማሞቂያው እስከ መታጠቢያ ቤት ድረስ 14 ሜትር የ3/4 ኢንች ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ይሄዳል። ከዚህ ውስጥ 11 ሜትሩ ቆርቆሮው ላይ ለፀሐይና ለንፋስ ተጋልጦ የተዘረጋ ነው። ይህን ቧንቧ ሁለት ጊዜ ሸፍኜዋለሁ። የመጀመሪያው ቧንቧውን አበላሸው። ሁለተኛው እስካሁን እየሠራ ነው። እዚህ የምጽፈው የሁለተኛውን አሠራር ነው፤ የመጀመሪያውንም ለማስጠንቀቂያ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ፦ ምን ትጠብቃላችሁ?

ሽፋን ውኃ አያሞቅም። ሙቀቱ ቶሎ እንዳያመልጥ ብቻ ያዘገያል። በታኅሣሥ አንድ ምሽት የቧንቧውን ሙቀት ለካሁ። 55 ዲግሪ የነበረው ውኃ ቧንቧው ራቁቱን እያለ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደ 30 ወረደ። ከሸፈንኩት በኋላ በተመሳሳይ ቅዝቃዜ ስለካው ከግማሽ ሰዓት በኋላም 45 አካባቢ ነበር። ማታ ማታ የቤት ሰው ተራ በተራ ሲታጠብ ልዩነቱ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው ሰው ገብቶ ቀዝቃዛ ውኃ እያፈሰሰ አይጠብቅም።

ጠዋት ግን ሌላ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቧንቧ ውስጥ የቆመ ውኃ ሽፋን ኖረም አልኖረም ንጋት ላይ ቀዝቅዞ ይገኛል። የእኛ 14 ሜትር ቧንቧ 5 ሊትር ያህል ይይዛል። ያንን በባልዲ ተቀብለን ለልብስ እናውለዋለን። ሽፋን የሚሸጥላችሁ ሰው "ጠዋት ቧንቧውን ስትከፍቱ ወዲያው ሙቅ ነው" ካላችሁ አትመኑት።

ሮቶውን አትጠቅልሉት፤ ጥላ ሥሩለት

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከሮቶው ነው። እኔ ግን ሮቶ መጠቅለል ድካሙን የሚያክል ጥቅም አለው ብዬ አላምንም። አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ቢሆንም 1000 ሊትር ውኃ በአንድ ሌሊት በረዶ አይሆንም። እዚህ ከፍታ ላይ ፕላስቲኩን የሚጎዳው ፀሐዩ ነው። ዓመት በዓመት ያደርቀዋል፣ ቀለሙን ያነጣዋል፣ በመጨረሻም ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ በአራት ቋሚ ላይ ቆርቆሮ አልብሱለት። በቆርቆሮውና በሮቶው መካከል አየር እንዲያልፍ አንድ ክንድ ያህል ክፍተት ተዉ። ጥላው ሶላሩ ላይ እንዳያርፍ ደግሞ ተጠንቀቁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። የሮቶውን የአየር መተንፈሻና የትርፍ ውኃ ማስወጫ በላስቲክም በፎምም እንዳትደፍኑ። ውኃው ወደ ታች ሲወርድ በቦታው አየር መግባት አለበት። አየር ካጣ ሮቶው ወደ ውስጥ ይጨማደዳል።

የመጀመሪያው ስህተቴ

ቧንቧውን መጀመሪያ የሸፈንኩት በአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ነበር። ቆራርጬ ጠቀለልኩት። በላዩ ላስቲክ አለበስኩትና በናስትሮ አሰርኩት። ይህ በኅዳር ነው። እስከ ግንቦት ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ነሐሴ ላይ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ እድፍ ታየ። የቧንቧ ሠራተኛ አስመጣሁ። ረጅም ዕድሜ በሙያው የቆዩ አባት ናቸው። ናስትሮውን በከተር ሰንጥቀው ስፖንጁን ጨመቅ ሲያደርጉት ውኃ በጣታቸው መካከል ፈሰሰ።

"ጋሼ፣ ቧንቧው ነው እንዴ የሚያፈሰው?" አልኳቸው።

"አሁን አዎ። መጀመሪያ ግን ዝናቡ ነው የገባው። አንተ እርጥብ ጨርቅ አልብሰኸው ነው የከረምከው፣ ልጄ" አሉኝ።

ከሥሩ ጋልቫናይዙ ተልጦ ብረቱ ዝጎ ነበር። ጎሚቶው አጠገብ መርፌ የምታህል ቀዳዳ ተከፍታለች። ፀሐዩ ላስቲኩን ሰባብሮት፣ የክረምቱ ውኃ በስንጥቁ ገብቶ፣ መውጫ አጥቶ እዚያው ተኝቷል። ሙቅ ቧንቧ ላይ የተኛ ውኃ ደግሞ ብረትን ቶሎ ይበላል። እርጥብ ስፖንጅ ሙቀትም አይይዝም። ከዚያ ወዲህ ፍራሽ ስፖንጅ፣ ጨርቅ፣ ጆንያ ለዚህ ሥራ እንዲቀርብ አልፈልግም።

ምን ይገዛል?

የሚያስፈልገው የኤሲ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ጥቁር የጎማ ፎም ቱቦ ነው። ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ ስለማይገናኙ ውኃ አይመጥም። ጫፉን ውኃ ውስጥ ነክራችሁ ጨምቁት። ከውስጡ ውኃ ከወጣ አትግዙት። ውፍረቱ 13 ሚሊሜትር ይበቃል። 19ኙ ትንሽ ይሻላል፤ ግን ለተጨማሪው ዋጋ የሚያወጣ ልዩነት አላየሁበትም።

ልኩ ላይ ተጠንቀቁ። የ3/4 ጋልቫናይዝድ ቧንቧ የውጭ ስፋቱ 27 ሚሊሜትር ነው። ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ደግሞ የሚጠራው በውጭ ልኩ ስለሆነ 25 ከተባለ 25 ነው። ካልተማመናችሁ ክር ዙሪያውን አዙሩና ርዝመቱን ለ3.14 አካፍሉ። የእኔ ክር 8.5 ሴንቲሜትር ሆነ፤ ባለ 28 ሚሊሜትር ቱቦ ገዛሁ። 2 ሜትር ርዝመት ያለውን ሰባት ፍሬ ወሰድኩ። ስድስቱ ለ11 ሜትሩ፣ አንዱ ለጎሚቶዎቹና ለብክነት ነው። ከዚህ ሌላ ማስቲሽ፣ አዲስ ከተር፣ የሽቦ ብሩሽ፣ አንቲረስት ቀለምና ላሜራ ያስፈልጋል። ሁሉም መርካቶ ይገኛል።

ከመሸፈን በፊት

ቧንቧው የሚያፈስ ከሆነ ሽፋኑ ይደብቀዋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ሶፍት ጠቅልላችሁ ውኃውን እንደተከፈተ አሳድሩት። በማግስቱ አንዱ ሶፍት እንኳ ከረጠበ መገጣጠሚያው ተፈትቶ በካናፓ ወይም በቴፍሎን ይታሰር። ሶፍቱን ማየት ያለባችሁ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ነው፤ የጠዋት ጤዛ ያሳስታል።

ከዚያ ዝገቱን በብሩሽ ፍቁት፣ አንቲረስት ቀቡት፣ ይድረቅ። ቆርቆሮው ላይ ስትሄዱ የምስማሩን መስመር እየተከተላችሁ ርገጡ።

ፎሙን ማልበስ

ውኃውን ዝጉና ቧንቧው እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ቱቦውን በቁመቱ በከተር ሰንጥቁት። ቧንቧው ላይ ካለበሳችሁት በኋላ ስንጥቁ ወደ ታች ይዙር። ማስቲሹን በሁለቱም የስንጥቁ ከንፈሮች ላይ በስሱ ቀቡ። ወዲያው አታጣብቁ። ጣት ስታስነኩት የማይጣበቅ እስኪሆን ድረስ ጠብቁና ከሁለቱ ጫፎች ጀምራችሁ ወደ መሃል እየተጫናችሁ ግጠሙት። እርጥብ ማስቲሽ ላይ የተገጠመ ፎም በሳምንቱ አፉን ይከፍታል።

ፎሙን በፍጹም አትሳቡት። ለአንድ ሜትር ቦታ አንድ ሜትር ከአንድ ሴንቲሜትር ቁረጡና ጨመቅ አድርጋችሁ አስገቡት። ጎማው ከጊዜ በኋላ ይሰበሰባል። ተስቦ የተገጠመ ከሆነ በየመጋጠሚያው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይፈጠራል፣ ዝናቡም የሚገባው በዚያ ነው። ጫፍና ጫፍ ሲገናኝም ማስቲሽ ይቀባል።

ጎሚቶው ላይ ብዙ ሰው ቱቦውን አጥፎ ያልፋል። የታጠፈው ውስጠኛ ጎን ይጨማደዳል፣ ውጨኛው ይሳሳል፣ ከዚያ ይቀደዳል። ይልቅ ቱቦውን በ45 ዲግሪ ሰያፍ ቁረጡት። ከሁለቱ ቁራጮች አንዱን ግማሽ ዙር አዙሩና የተቆረጡትን ፊቶች በማስቲሽ አጣብቋቸው። እንደ ክርን የታጠፈ 90 ዲግሪ ይወጣችኋል። ከዚያ ውስጠኛውን ጎን ሰንጥቃችሁ ጎሚቶው ላይ አልብሱት። ጎሚቶው ከቧንቧው ስለሚወፍር ሰፋ ያለ ቱቦ ከተረፋችሁ ለዚህ ተጠቀሙበት። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አበላሽቻለሁ፤ ትርፍ ቱቦ ግዙ ያልኩት ለዚህ ነው።

የማሞቂያውን የግፊት ማስለቀቂያ ቫልቭ ራቁቱን ተዉት። መውጫውም ክፍት ይሁን። ግፊት ሲበዛ በነጻነት ማፍሰስ አለበት።

ማስቲሹ በደንብ እንዲጠነክር አንድ ቀን ተኩል ያህል ሙቅ ውኃ አትልቀቁ።

ከፀሐይ መከላከል

ጥቁሩ ፎም ውኃን ይችላል፤ የአዲስ አበባን ፀሐይ ግን አይችልም። ራቁቱን ከተተወ ላዩ ይሰነጣጠቃል፣ ሲነኩት እንደ ከሰል ያጠቁራል። የአሉሚኒየም ፕላስተር የሚጠቀሙ አሉ። ለቤት ውስጥ ጥሩ ነው፤ ጣሪያ ላይ ግን ማጣበቂያው ቶሎ ይለቃል። እኔ የመረጥኩት ላሜራ ነው። ቆርቆሮ ሠሪው 20 ሴንቲሜትር ስፋት እየቆረጠ እንደ ቱቦ ጠመዘዘልኝ። ፎሙ ከነቧንቧው 53 ሚሊሜትር ገደማ ስለሚሆን ዙሪያው 17 ሴንቲሜትር ያህል ነው። የቀረው 3 ሴንቲሜትር ለመደራረቢያ ነው።

እዚህ ላይ የሣር ቤት አከዳደንን አስቡ። ክዳን ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ የላይኛው ሣር የታችኛውን ይሸፍናል። ላሜራውም እንዲሁ ነው። ከቧንቧው ዝቅተኛ ጫፍ ጀምሩና የላይኛው ቁራጭ የታችኛውን 5 ሴንቲሜትር ያህል ይደርብ። በቁመቱ ያለው መደራረቢያ ወደ ጎን ዝቅ ብሎ አፉ ወደ ታች ይይ። በሽቦ እሰሩት፤ ግን ፎሙ እስኪጨፈለቅ አታጥብቁት። የተጨፈለቀ ፎም ሙቀት ያሳልፋል። በምስማርም ሆነ በብሎን አትብሱት።

ቧንቧው ወደ ቤት የሚገባበትን ቀዳዳ በሲሊኮን ዙሩበት። ውኃ ሽፋኑን ተከትሎ ወደ ኮርኒስ የሚወርደው እዚያ ጋ ነው።

ክረምት ሲወጣ

መስከረም መጨረሻ ላይ ከዝቅተኛው ጫፍ አንድ ላሜራ ፍቱ። ውኃ ገብቶ ከሆነ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። የፎሙን ስንጥቅ በከተር አንድ ስንዝር ያህል ክፈቱና ሶፍት አስገብታችሁ ቧንቧውን ጥረጉት። ሶፍቱ ቡናማ ሆኖ ወይም ረጥቦ ከወጣ፣ ወደ ላይ እያያችሁ የተከፈተውን መጋጠሚያ ፈልጉ። እኛ ቤት ባለፈው መስከረም ደረቅ ወጣ። ስንጥቁን በማስቲሽ ዘግቼ ላሜራውን መለስኩት።