የ48 ሰዓት ጌም ጃም፦ ሦስት ሰው ጀምሮ የማይጨርስበት ምክንያትና መፍትሄው

ሐዋሳ ውስጥ ጌም ጃም በተደረገ ቁጥር ቡድኖችን እየዞርኩ አግዛለሁ። የሚያጋጥመኝ ብልሽት ብዙ ዓይነት ይመስላል እንጂ አብዛኛው ከአንድ ቦታ ይመነጫል፤ ሥራው ሲጀመር አልተለካም። ጊት መክፈቱን፣ ቻርጀር መያዙን፣ ሥራ መከፋፈሉን ታውቁታላችሁ ብዬ አልፋለሁ። ምሳሌዎቼ በጎዶት 4 ናቸው፤ እዚህ አብዛኛው ቡድን የሚጠቀመው እሱን ስለሆነ።

ምልክት፦ ቅዳሜ ማታ ሁሉም ነገር አለ፣ ጌሙ ግን የለም

አንዱ ላፕቶፕ ላይ ጀልባው ይንሳፈፋል። ሌላው ላይ ገበያው ተስሎ አልቋል። ሦስተኛው ላይ መረቡ ይወረወራል። «እስቲ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጫውቱኝ» ስትሏቸው ሦስቱ እርስ በርስ ይተያያሉ። ተጫዋቹ ማሸነፍም መሸነፍም አይችልም። በየጃሙ የማየው ይህንን ነው፤ ስለዚህ ሰፊውን ቦታ ለእሱ እሰጣለሁ።

ምክንያቱን ስትጠይቁ «ጊዜ አነሰን» ይባላል። ጊዜው ግን ከዓርብ ጀምሮ የታወቀ ነበር። ያልታወቀው ከዚያ ውስጥ ለሥራ የሚቀረው ስንት እንደሆነ ነው። እናስላው። ዓርብ ማታ 12 ሰዓት ተጀምሮ እሁድ ማታ 12 ሰዓት ያልቃል እንበል። ሦስት ሰው በ48 ሰዓት ሲባዛ 144 ይመጣል። ሁለቱን ሌሊት እያንዳንዳችሁ ስድስት ስድስት ሰዓት ስትተኙ 36 ይቀነሳል። ለምግብ፣ ለቡና፣ ለመንገድና ለእረፍት በቀን አራት ሰዓት ለእያንዳንዱ ሰው ስጡ፤ 24 ይሄዳል። ሐሳብ ላይ ለመስማማት ሦስታችሁም ሁለት ሁለት ሰዓት ታጠፋላችሁ፤ 6። እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ያለው ለኤክስፖርትና ለማስረከብ ብቻ ነው፤ 12። ቀሪው 66 ነው። ከዚህ ሲሶውን መብራት መጥፋትና ያልታሰበ ስህተት ይበላዋል። በእጃችሁ የቀረው 44 ሰዓት ነው፤ ለአንድ ሰው ሲካፈል 15 እንኳ አይሞላም።

«እንቅልፉን እንተወዋለን» የሚል ቡድን ሁልጊዜ አለ። አትተዉት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የተጻፈ ኮድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይፈርሳል፤ ያፈረሰውን ሰው ደግሞ ያኔ መቀስቀስ አይቻልም።

አሁን ሥራውን ለኩት። የምትለኩት ተጫዋቹ የሚያደርጋቸውን ድርጊቶች ቆጥራችሁ ነው። አንድ ድርጊት ኮዱ አራት ሰዓት፣ ስዕሉ ሁለት፣ ድምፁና በስክሪን ላይ የሚያሳየው ምላሽ አንድ፣ ማስተካከያው አንድ፣ በድምሩ ስምንት ሰዓት ይወስዳል ብላችሁ ያዙ። ልምድ ያለው ሰው በአምስት ይጨርሰዋል፤ እናንተ ግን በስምንቱ አስቡ። መክፈቻ ገጽ፣ መሸነፊያ፣ ነጥብና እንደገና መጀመሪያ ሌላ 12 ሰዓት ይወስዳሉ። ከ44ቱ 32 ቀረ። ሁለት ድርጊት 16 ይወስድና የቀረው 16 ጌሙን እየተጫወታችሁ ለማጣፈጥ ይሆናል። ሦስተኛ ድርጊት ከጨመራችሁ የሚሄደው ከማጣፈጫው ላይ ነው። አራተኛ ካላችሁ ደግሞ ማጣፈጫ የሚባል ነገር የለም።

አንድ የሐዋሳ ቡድን ያመጣው ሐሳብ እንዲህ ነበር። አንድ ልጅ ሐይቁ ላይ ጀልባ ይቀዝፋል፣ መረብ ይጥላል፣ ይጎትታል፣ የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል አምጥቶ ዓሣውን ያጸዳል፣ አባ ኮዳዎቹን ያባርራል፣ ይሸጣል፣ በገንዘቡም የተሻለ ጀልባ ይገዛል። ሐሳቡ ውብ ነው፤ አሞራ ገደል ሄዶ እነዚያ ረጃጅም ወፎች ከሰው እግር ሥር ሲሻሙ ያየ ሁሉ ይወደዋል። ድርጊቶቹን ቁጠሩ፤ ሰባት ናቸው። ሰባት በስምንት 56 ነው። መክፈቻና መሸነፊያው ሳይሠራ ከ44 አልፏል።

ቅዳሜ ማታ ስደርስ ራሳቸው መቀነስ ጀምረው ነበር፤ አቀናነሳቸው ግን ብዙ ቡድን የሚሳሳትበት ዓይነት ነው። «አምባዛው ይቅርና ቆሮሶ ብቻ ይሁን፤ ከሦስቱ ጀልባ ሁለቱ ይበቃል» ይላሉ። ይህ የሚያተርፈው የግማሽ ሰዓት ስዕል ነው። መረቡ ለአንድ ዓሣም ሆነ ለአምስት ዓሣ ያው ኮድ ያስፈልገዋል። ስትቆርጡ ዓይነቱን ሳይሆን ድርጊቱን ከነሥሩ ቁረጡ፤ መረቡ ሲቀር ኮዱም፣ ስዕሉም፣ ድምፁም፣ ከጀልባው ጋር ማገናኘቱም አብሮ ይቀራል።

የትኛው ይቅር? አንድ ጥያቄ ጠየቅኳቸው፦ ተጫዋቹ ተሸንፎ ወዲያው ልድገም የሚለው የትኛውን ደቂቃ ነው? ሦስቱም «ወፎቹን» አሉ። ስለዚህ የቀረው ማጽዳትና ማባረር ሆነ። አንድ ስክሪን፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ከግራና ከቀኝ የሚመጡ አባ ኮዳዎች። አንድ ቁልፍ ተጭኖ ሲያዝ ዓሣው ይጸዳል፤ የግራና የቀኝ ቀስት ወፉን ያባርራል፤ እያባረሩ ማጽዳት አይቻልም። አምስት ዓሣ ከተሰረቀ አበቃ። ሐይቁን የሠራው ልጅ «ውሃው እኮ አልቋል፣ እንዴት ይጣላል?» አለ። ያለቀ ሥራ ስለሆነ ብቻ ጌም ውስጥ ማስገባት ትልቅ ወጥመድ ነው፤ ጀልባው ሲገባ መቅዘፉንም ይዞ ይገባል። ውሃው ግን ምንም ድርጊት ስለማይጠይቅ ከጠረጴዛው ጀርባ መልክዓ ሆኖ ገባ።

እሁድ ጠዋት ለማጣፈጥ ጊዜ ነበራቸው። መጀመሪያ ወፍ የሚመጣው በየሦስት ሰከንዱ ነበርና ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይሰለች ነበር። ክፍተቱ ቀስ በቀስ እያጠረ በ60ኛው ሰከንድ ላይ አንድ ሰከንድ እንዲደርስ ሲደረግ ተጫዋቹ ከወንበሩ መነሳት አቃተው። ያን ያመጣው የአንድ ቁጥር ለውጥ ነው፤ ቁጥሩን ለማግኘት ግን ደጋግሞ መጫወት ይጠይቃል። ሰባት ድርጊት የያዘ ቡድን እዚህ ሰዓት ላይ አይደርስም።

እናንተ ቅዳሜ ማታን አትጠብቁ። መለኪያችሁ ቅዳሜ ቀን 6 ሰዓት ይሁን። እስከዚያ ድረስ ጌሙ በባዶ ግራጫ አራት ማዕዘኖች ተጀምሮ፣ ተሸንፎ፣ እንደገና መጀመር አለበት። ካልደረሰ እዚያው ቁጭ ብላችሁ አንድ ድርጊት ቁረጡ። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረውን ሰው ዓርብ ማታ ምረጡ፤ ቅዳሜ ስትደክሙ ከመረጣችሁ ትጣላላችሁ። እሁድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ አዲስ ነገር አይገባም። ምንም።

እንደገና መጀመርን «በመጨረሻ አንድ መስመር ነው» ብለው የሚተዉት ብዙ ናቸው። መስመሩ በእርግጥ አንድ ነው፦

```gdscript
func _on_again_pressed():
    get_tree().paused = false
    Game.score = 0
    get_tree().reload_current_scene()
```

ከእሱ በላይ ያሉትን ሁለቱን ያልጻፈ ግን እሁድ ያለቅሳል። ሲኑ እንደ አዲስ ሲጫን ጌሙ ቆሞ ከነበረ ቆሞ ይቀራል፤ አውቶሎድ ውስጥ የተቀመጠ ነጥብም አይጠፋም፤ እዚህ `Game` ያልኩት እሱን ነው። ሁለተኛው ተጫዋች የመጀመሪያውን ነጥብ ይዞ ይጀምራል ማለት ነው።

ከውጭ ጃም ሐሳብ ስትቀዱ ሰዓቱን ተመልከቱ። ሉዱም ዳሬ ላይ 48 ሰዓቱ ለብቻው ለሚሠራ ሰው ነው፤ ቡድን የሚገባበት ዘርፍ 72 ሰዓት አለው። እዚያ ያያችሁትን ስፋት ለ48 አታምጡት።

ምልክት፦ ሥራ ሲቀላቀል ሲኑ አይከፈትም

ሁለት ሰው `main.tscn` ላይ እኩል ሠርቷል። ጊት የግጭት ምልክቶቹን ፋይሉ ውስጥ ይጽፋል፤ ጎዶትም ማንበብ ያቅተዋል። መፍትሄው ወፉን፣ ጠረጴዛውንና የነጥብ ማሳያውን የየራሳቸው ሲን አድርጎ እያንዳንዱን ለአንድ ሰው መስጠት ነው። `main.tscn`ን የሚነካው አንድ ሰው ብቻ ነው። ፋይሎችን በፍላሽ እየተቀባበሉ መገልበጥ መፍትሄ አይደለም! «የመጨረሻው የትኛው ነው?» እየተባለ ሙሉ ከሰዓት ሲባክን አይቻለሁ።

ምልክት፦ እሁድ 10 ሰዓት፣ በብሮውዘር አይሠራም

ይህም የልኬት ችግር ነው፤ ኤክስፖርትን ሥራ ብሎ የቆጠረው የለምና። ቅዳሜ 6 ሰዓት ላይ ግራጫው ጌም እንደተጫወተ ወዲያው ኤክስፖርት አድርጋችሁ `itch.io` ላይ ጫኑት። ስህተቱ ያን ቀን ይውጣ።

ኤክስፖርት ቴምፕሌቱን ከቤታችሁ አውርዳችሁ ኑ። ፋይሉ ከጎዶት ራሱ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ቁጥሩም ከምትጠቀሙት ጎዶት ጋር በትክክል መግጠም አለበት። ሠላሳ ሰው በሚጋራው ዋይፋይ እሁድ ከሰዓት ማውረድ የሚጀምር ሰው ሌሎቹንም ይጎዳል።

ሲ ሻርፕ የምትጽፉ ከሆነ ጎዶት 4 ለብሮውዘር አያወጣላችሁም፤ ይህን ዓርብ ማወቅ አለባችሁ። ዚፑ ውስጥ `index.html` በሌላ ፎልደር ውስጥ ሳይሆን ፊት ለፊት ይቀመጥ። ፋይሉ `Bird.png` ሆኖ ኮዱ `bird.png` ካለ ዊንዶውስ ላይ ይሠራል፣ ኤክስፖርት ሲደረግ ይጠፋል፤ ሁሉንም ከመጀመሪያው በትንሽ ፊደል ጻፉ።

በአማርኛ የምትጽፉ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ ኮምፒውተራችሁ ላይ ያማረው ጽሑፍ በብሮውዘር ባዶ ሳጥን ይሆናል። የጎዶት መደበኛ ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም፤ ላፕቶፑ ላይ ከሲስተሙ ተበድሮ ነው የሚያሳየው፤ ብሮውዘር ላይ የሚበደርበት የለም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ፕሮጀክቱ ውስጥ አስገቡና በፕሮጀክት ሴቲንግ `gui/theme/custom_font` ላይ ምረጡት።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ሰዓሊው ቅዳሜ ሥራ ፈት ከሆነ፦ ስዕሉ በየሰዓቱ ጌሙ ውስጥ እየገባ መታየት አለበት፤ በመጨረሻ አንድ ላይ የሚገባ ስዕል መጠኑ አይገጥምም።

ከኢንተርኔት የተሰበሰበ ነጻ ስዕል፦ አንዱ 16 ፒክስል፣ ሌላው 64፣ ጥላቸው ከተለያየ አቅጣጫ። ከዚህ ቅራቅንቦ የራሳችሁ አራት ማዕዘን ይሻላል።

በኢንተርኔት ብዙ ሰው የሚጫወተው ጌም፦ በ48 ሰዓት አትሞክሩት። ሁለት ሰው በአንድ ኪቦርድ ይጫወት።

ድምፅ በብሮውዘር ካልተሰማ፦ ብሮውዘሩ ተጫዋቹ አንድ ነገር እስኪጫን ይጠብቃል። መክፈቻው ገጽ ላይ «ጀምር» የሚል ቁልፍ አድርጉ፤ ሙዚቃው ከዚያ በኋላ ይነሳ።