ፒኤምፒን ማደስ፦ 60ውን ፒዲዩ እንዴት እንደምንሰበስብና እንደምንመዘግብ

የፕሮጀክት አስተዳደር ሙያ ማረጋገጫ የሆነውን የፒኤምፒ ፈተና ያለፈ ሰው ሰርተፍኬቱን ፍሬም አድርጎ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ከዚያ ይረሳዋል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ሰርተፍኬቱ ግን ካለፋችሁበት ቀን ጀምሮ የሚያገለግለው ሦስት ዓመት ብቻ ነው። በእነዚህ ሦስት ዓመታት 60 ፒዲዩ ሰብስባችሁ ካላስመዘገባችሁ ይታገዳል። አንድ ፒዲዩ ማለት የአንድ ሰዓት ትምህርት ወይም የአንድ ሰዓት የሙያ አገልግሎት ነው። ሩብ ሰዓትም 0.25 ተብሎ ይቆጠራል።

መጀመሪያ ccrs.pmi.org ላይ፣ ለፈተናው በተመዘገባችሁበት የይለፍ ቃል ግቡ። ሲሲአርኤስ የሚባለው የፒዲዩ መመዝገቢያ ይሄ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የሦስት ዓመት ዙራችሁ መጀመሪያና ማብቂያ ቀን አለ። የማብቂያውን ቀን ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ለመጨረሻው ቀን ሳይሆን ከስድስት ወር በፊት እንዲያስታውሳችሁ አድርጉት።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ላይ ደረስን። 60ው ፒዲዩ ዝም ብሎ 60 አይደለም። ሁለት ትልልቅ ክፍሎች አሉት፤ Education እና Giving Back። ከትምህርቱ ክፍል ቢያንስ 35 ያስፈልጋል። ሙሉ 60ውን በትምህርት መሙላትም ይቻላል። Giving Back የሚባለው ልምድ ማካፈል፣ ጀማሪ ማማከር፣ በበጎ ፈቃድ ማገልገል፣ እንዲሁም በሙያው ተቀጥሮ መሥራት ነው። ከዚህ ክፍል ከ25 በላይ አይቆጠርም። ከ25ቱ ውስጥ ደግሞ በመደበኛ ሥራችሁ የምታገኙት ከ8 አይበልጥም። ሦስት ዓመት ሙሉ ቀን ከሌት ፕሮጀክት ብትመሩም 8 ነው።

በዚህ አላበቃም። የትምህርቱ ፒዲዩ ራሱ በሦስት ይከፈላል። Ways of Working የሙያው ቴክኒክ ነው፤ የጊዜ ሰሌዳ፣ የስጋት አያያዝ፣ አጃይልና የመሳሰለው። Power Skills ሰው መምራት፣ መግባባት፣ ድርድር ነው። Business Acumen ደግሞ የድርጅቱን ሥራ ማወቅ ነው፤ ስትራቴጂ፣ ፋይናንስ፣ የዘርፉ ሕግ። ከእያንዳንዳቸው ቢያንስ 8 ያስፈልጋል። የቀረውን ከፈለጋችሁት አምጡ።

እኔን ጉድ የሠራኝ ይሄ ነው። ዙሬ ሊያበቃ ሁለት ወር ሲቀረው ማስታወሻ ደብተሬን ከፍቼ ደመርኩ። 38 ሰዓት ሥልጠና፣ ለሥራዬ 15፣ ሁለት ጀማሪ ባልደረቦቼን ላማከርኩበት 10። ጠቅላላ 63። ሦስት ተርፎኛል ብዬ ተዝናንቼ ማስገባት ጀመርኩ። ለሥራዬ የያዝኩት 15 ግን 8 ላይ ቆመ። ድምሩ 56 ሆነ። ዳሽቦርዱን ወረድ ብዬ ሳይ ደግሞ 38ቱ የትምህርት ሰዓት እንዲህ ተከፋፍሏል፦ Ways of Working 26.5፣ Power Skills 9፣ Business Acumen 2.5። የምወደውን የጊዜ ሰሌዳ ሥልጠና ብቻ ስለቃቅም ኖሬያለሁ። ስለዚህ የጎደለኝን 4 ከየትም ባመጣ አይጠቅመኝም ነበር። የግድ 5.5 የ Business Acumen ሰዓት ያስፈልገኛል። ስለ ወጪና ጥቅም ትንተና የስድስት ሰዓት የኦንላይን ኮርስ ወስጄ 62 ላይ ደረስኩ። ኮርሱ መጥፎ አልነበረም፣ ግን በአንድ ቅዳሜ ተጨናንቄ ነው የጨረስኩት።

ስለዚህ በዓመት አንዴ ዳሽቦርዱን እዩት። ስታዩ ጠቅላላ ድምሩን ተዉትና የሦስቱን ክፍፍል ተመልከቱ። አንድ ኮርስ ለሦስቱም ሊከፋፈል እንደሚችልም አትርሱ። የአሥር ሰዓት የግዢ አስተዳደር ሥልጠና ውስጥ ሁለት ሰዓት ድርድር፣ ሁለት ሰዓት የበጀት ጉዳይ ካለ 6፣ 2፣ 2 ብላችሁ መመዝገብ ትችላላችሁ። ዝርዝር ፕሮግራሙ ላይ በትክክል ካለ ነው ታዲያ።

ማስመዝገቡ ራሱ ቀላል ነው። Report PDUs የሚለውን ተጭናችሁ ዓይነቱን ትመርጣላችሁ፤ ለሥልጠና Course or Training፣ ላነበባችሁት Read። ከዚያ የአሠልጣኙን ድርጅት ስም፣ ርዕሱን፣ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ቀን፣ የሰዓቱን ብዛት ትሞላላችሁ። አሠልጣኙ ሰርተፍኬቱን የሚሰጠው የፒኤምአይ እውቅና ያለው ከሆነ የኮርሱን መለያ ቁጥር ይሰጣችኋል። ከሌለውም ችግር የለም፤ መሥሪያ ቤታችሁ ያዘጋጀው ሥልጠናም ይቆጠራል። ለቁጥሩ ብሎ ውድ ኮርስ መግዛት ለእኔ ገንዘብ ማባከን ነው። አባል ከሆናችሁ projectmanagement.com ላይ ያሉት ዌቢናሮች እስከ መጨረሻው ካያችኋቸው ራሳቸው ይመዘገባሉ።

አገር ቤት ለምንኖር ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንዱ ቀን ነው። የመሥሪያ ቤት የምስክር ወረቀት ብዙ ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ይጻፋል። ጥቅምት 5 ቀን 2016 የሚለውን ኦክቶበር 5 2016 ብሎ የሞላ ሰው አውቃለሁ። ትክክለኛው ኦክቶበር 16 2023 ነው። በእሱ ስሌት ሥልጠናው ከሰርተፍኬቱ ዓመታት በፊት የተሰጠ ሆኖ ቁጭ አለ። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 11 ሰዓት የዋለ ሥልጠና ስምንት ፒዲዩ አይደለም። የአንድ ሰዓት ምሳና የሁለት ጊዜ የሻይ ዕረፍት፣ በድምሩ ግማሽ ሰዓት፣ ሲቀነስ 6.5 ነው። ቡናው የቱንም ያህል ቢጥም አይቆጠርም።

ማስረጃውን በዚያው ሳምንት ሰብስቡ። ማመልከቻዎች በዕጣ እየተመረጡ ኦዲት ይደረጋሉ። ለሥልጠና የምስክር ወረቀቱንና ዝርዝር ፕሮግራሙን፣ ላነበባችሁት ቀን ያለው ማስታወሻ፣ ላማከራችሁት የጊዜ ዝርዝር ያዙ። ፎቶ አንስታችሁ አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡት። ከሁለት ዓመት በኋላ የሥልጠና አስተባባሪውን ደውሎ ወረቀት መለመን ምን እንደሚመስል እኔ ነኝ የማውቀው። ሰውየው ሥራ ቀይሮ ነበር።

60 ከሞላ በኋላ የእድሳት ማመልከቻ ሞልቶ መክፈል ይቀራል። ፒዲዩው ሞላ ማለት ታደሰ ማለት አይደለም። ክፍያው ለአባላት ቅናሽ አለው። በዶላር ስለሆነ የውጭ ምንዛሪ የሚቀበል ካርድ ከሌላችሁ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ቀድማችሁ አናግሩ። የመጨረሻው ሌሊት የዘመድ ስልክ አይነሳም።

ቀኑ ካለፈ ሰርተፍኬቱ ለአንድ ዓመት ይታገዳል። በዚያ ጊዜ ስማችሁ ጀርባ ፒኤምፒ ብላችሁ መጻፍ አትችሉም። የጎደለውን ግን ሞልታችሁ መመለስ ትችላላችሁ። ዓመቱም ካለፈ ፈተናውን እንደ አዲስ መቀመጥ ነው።

የተረፋችሁ ፒዲዩ ካለ በሦስተኛው ዓመት ያገኛችሁትን እስከ 20 ድረስ ወደ ቀጣዩ ዙር ማሻገር ይቻላል። የመጀመሪያው ዓመት ትርፍ አይሻገርም። ፎልደሩን ደግሞ በታደሰ ማግስት አታጥፉት፤ ዙሩ ካበቃ በኋላ 18 ወር መያዝ አለበት።