ባልትና ስትጀምሩ የመጀመሪያዎቹን ደንበኞች የሚያሳጧችሁ ስህተቶች

በርበሬና ሽሮ ቤቴ አዘጋጅቼ መሸጥ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ሱቅ የለኝም። ደንበኞቼ የመጡት ሰው ለሰው ሲነግርና በአንዲት የቴሌግራም ቻናል ነው። አሁን አዲስ የሚጀምሩ እህቶች ሊያማክሩኝ ሲደውሉ፣ እኔ የሠራኋቸውን ስህተቶች እነሱም ሲደግሙ እሰማለሁ። በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሃያ ሠላሳ ደንበኞች ላይ።

"ጣት ያስቆረጥማል" ሲባሉ ማመን

የመጀመሪያውን አምስት ኪሎ በርበሬ ለእህቶቼ፣ ለአክስቴና ለጎረቤት በነጻ አከፋፈልኩ። ሁሉም "ጣት ያስቆረጥማል" አሉኝ። ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ፤ ደግሞ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። እውነቱን የነገሩኝ አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችን ናቸው። "ልጄ፣ እንዳትቀየሚኝ። መልኩ ያምራል፤ ግን ኮረሪማው በዝቶ ወጡን ተጫነው" አሉኝ።

በነጻ የወሰደ ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል። ስለዚህ ቅምሻ መስጠት ካለባችሁ አንድ ጊዜ፣ ጥቂት ማንኪያ ብቻ ስጡ። ከዚያ ዘመድ ላልሆነ ሰው ግማሽ ኪሎ በሙሉ ዋጋ ሽጡ። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይታችሁ ስትደውሉም "እንዴት ነው?" አትበሉ፤ መልሱ "ጥሩ ነው" ብቻ ይሆናል። "ምን ሠራሽበት? ሌላ ነገር ጨመርሽበት? አሁን ምን ያህል ቀረሽ?" ብላችሁ ጠይቁ። "ከቤቱ በርበሬ ጋር ቀላቀልኩት" ካለች ወይ አቃጥሏታል ወይ ቅመሙ አልተስማማትም። እንዳለ ከተቀመጠ ደግሞ አልወደደችውም። እኔ ኮረሪማውን የቀነስኩት እንዲህ ጠይቄ፣ ሦስት ሰዎች "ቀላቀልኩት" ካሉኝ በኋላ ነው።

"ለሰው ንገሩልኝ" ብሎ መተው

በርበሬ ከላስቲክ ወጥቶ የቤቱ ዕቃ ውስጥ ይገለበጣል። ስልክ ቁጥራችሁ የተጻፈበት ላስቲክ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል። ከወር በኋላ እንግዳ መጥቶ ወጡ ይጣፍጠውና "ይሄን በርበሬ ከየት አመጣሽው?" ይላል። "ከአንዲት ልጅ ነው፣ ቁጥሯን ፈልጌ እልክልሃለሁ" ትላለች ደንበኛችሁ። ነገሩ እዚያው ላይ ይቀራል። ደንበኛዋ ሳትወዳችሁ ቀርታ አይደለም፤ በእጇ የምትሰጠው ነገር ስለሌላት ነው።

እኔ አሁን ሁለት ነገር አደርጋለሁ። አንደኛ፣ በርበሬውን ባደረስኩበት ቀን በቴሌግራም አጭር መልእክት እልካለሁ፦ ምን ምን እንዳለኝ፣ የኪሎው ዋጋ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ እንደማደርስ፣ ስልኬ። ሰው ሲጠይቃት ያንኑ ፎርዋርድ ታደርገዋለች። ሁለተኛ፣ ላስቲኩ ውስጥ ትንሽ ስቲከር እጨምራለሁ። ላዩ ላይ የተፈጨበት ቀን፣ "የሚያቃጥል" ወይም "መካከለኛ" የሚል ቃልና ስልኬ አለ። ቀኑን ስለሚፈልጉት ብዙዎቹ ዕቃቸው ላይ ይለጥፉታል።

ንገሩልኝ የምትሉበት ጊዜም አለው። ገና ሳትቀምስ አትጠይቋት። ራሷ ለሁለተኛ ጊዜ ደውላ ስታዝ ጠይቁ፤ ያኔ በራሷ ገንዘብ መስክራለች። ጥያቄው ደግሞ ሰው ፊቷ ላይ የሚያመጣ ይሁን። "ከማኅበር ጓደኞችሽ ውስጥ በርበሬ ማዘጋጀት ጊዜ የማይሰጣት ማን አለች?" "ውጭ ላለ ዘመድ የሚልክ ታውቂያለሽ?" ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ጠቅሞኛል። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ የሚሄድ ሰው ሲገኝ በአንድ ጊዜ አምስት ኪሎ የሚያዙ አሉ።

ሰው ላመጣ ወዲያው ገንዘብ መስጠት

መጀመሪያ ላይ ሰው ላመጣልኝ 50 ብር በቴሌብር እልክ ነበር። አንዷ ደንበኛዬ "እኔ ደላላ ነኝ እንዴ?" ብላ ተቀየመችኝ። ልክ ነበረች። አሁን ሩብ ኪሎ ምጥን ሽሮ ነው የምሰጠው፤ የምስጋና ስጦታ ስለሆነ ማንንም አያስቀይምም።

ግን ሒሳቡን ሥሩ። ከኪሎ በርበሬ 120 ብር ታተርፋላችሁ እንበል፤ ሩብ ኪሎው ሽሮ ደግሞ ለእናንተ 60 ብር ያስወጣችኋል። አዲሷ ደንበኛ ግማሽ ኪሎ ገዝታ ከጠፋች ትርፉም 60 ብር ስለሆነ ምንም አልቀራችሁም። ስለዚህ ስጦታውን የምሰጠው አዲሷ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ስትገዛ ነው።

ገጽ ከፍቶ ዋጋ መደበቅ

"ዋጋ በውስጥ መስመር" የሚለውን ነገር እባካችሁ ተዉት። ዋጋ ያልተጻፈበት ነገር ውድ ይመስላል፤ ለመጠየቅ የሚያፍር ሰውም ዝም ብሎ ያልፋል። ዋጋው፣ ሰፈሩ፣ የምታደርሱበት ቀንና ስልኩ በአንድ ጽሑፍ ላይ ሆኖ ከላይ ፒን ይደረግ። ፎቶውም የራሳችሁ ይሁን፦ ፀሐይ ላይ የተሰጣው ዛላ፣ ስትቀነጥሱ የሚታየው እጃችሁ።

ሌላው የስሙ ነገር ነው። የቴሌግራም መለያ ስም በግዕዝ ፊደል አይጻፍም። "ባልትና"ን አንዱ baltina፣ ሌላው baltena ብሎ ይጽፈዋል። በአፍ የተነገረው ሰው ሲፈልግ የሌላ ሰው ቻናል ያገኛል። ስለዚህ "ፈልጊኝ" አትበሉ፤ ሊንኩን ራሱን ላኩ።

ሜምበር መግዛትም አለ። ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ስንት ሰው እንዳየው ይታያል። አምስት ሺህ ሜምበር ኖሮ አርባ ሰው ብቻ ካየው፣ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይነቃል።

ከአቅም በላይ ትእዛዝ መቀበል

ይሄኛው ነው ከሁሉም በላይ ያስለቀሰኝ። በሁለተኛው ዓመት ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል የሽሮ ትእዛዝ ጎረፈ። በሳምንት 15 ኪሎ የማዘጋጅ ሰው 40 ኪሎ ተቀበልኩ። ወፍጮ ቤት ወረፋው ረጅም ነበር። ከእኔ በፊት የነበረችው ሴት በርበሬ አስፈጭታለች። ሁልጊዜ ወፍጮው ከሌላ ሰው እህል ወደ እኔ ሲዞር የመጀመሪያውን ኪሎ ለብቻ አስወጥቼ ለቤት አደርገዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ቸኮልኩ። ነጭ ሽሮዬ የወጣው በርበሬ ነክቶት ነው። በዓይን ብዙም አያስታውቅም። ነጭ ሽሮ የሚገዛው ግን ጨጓራ ያለበት ሰውና ለልጅ የምትሠራ እናት ነው።

ሁለት ሰዎች ደውለው "አቃጠለኝ" አሉኝ። ያዳነኝ ደብተሬ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አራት ነገር እመዘግብበታለሁ፦ ስም፣ የገዛችው ነገር፣ ቀኑ፣ ማን እንደላካት። ከዚያ ፍጭ የወሰዱት ሰባት ነበሩ። ከሰባቱ አራቱን የላከችልኝ አንዲት ሴት ናት። መጀመሪያ የደወልኩት ለእሷ ነው፤ ከሌላ ሰው ከመስማቷ በፊት የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ከዚያ ሰባቱም ጋ ደውዬ "አትሥሩበት" አልኩ። አዲስ አስፈጭቼ በሦስተኛው ቀን ቤታቸው አደረስኩ፤ ብር አልተቀበልኩም። ያቺ ሴት ራሷ ለአራቱም ደውላ "ልጅቷ ቀድማ ነግራኛለች" ብላቸው ነበር። ሦስቱ ዛሬም ይገዙኛል።