የዓሣ እሾህ ጉሮሮ ላይ ሲሰካ ምን ይደረጋል?

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሙሉ ጥብስ ቆሮሶ እየበላን ነበር። ወሬ ይዞኝ ሳላስተውል አንዲት እሾህ ቀኝ ጉሮሮዬ ላይ ተሰካች። ምራቄን በዋጥኩ ቁጥር እዚያችው ቦታ ትወጋኛለች። ታላቅ ወንድሜ ደረቅ እንጀራ ጠቅልሎ «ሳታላምጥ ዋጠው፣ ይዟት ይወርዳል» አለኝ። ዋጥኩት። ሕመሙ ባሰብኝ፤ ለሦስት ቀንም አልለቀቀኝም።

መጀመሪያ መብላት ያቁሙ፤ አፍዎ ውስጥ ያለውን ይትፉ። ቀስ ብለው ያስሉ፣ ውኃ ይጎንጩ። ላይ ላዩን የተያዘች እሾህ በዚህ ትሄዳለች።

ከዚያ አንድ ሰው አፍዎን በስልክ መብራት ይይልዎት። ምላስዎን በማንኪያ እጀታ ጫን አድርጎ ቶንሲሉን ግራና ቀኝ ይመልከት። ብዙ ጊዜ እሾህ የሚሰካው እዚያ ወይም ምላስ ሥር ነው። ብትታይም በጣት አይጎርጉሩ፤ ትሰበራለች ወይም ወደ ውስጥ ትገባለች። ጤና ጣቢያ ቢሄዱ በመቆንጠጫ ያወጡልዎታል።

እንጀራ፣ ዳቦ ወይም ሙዝ ሳያላምጡ መዋጥ ግን ይቅርብዎ። የእሾህ ጫፍ ሥጋ ውስጥ ገብቷል፤ ከላይ የሚገፋው ጉርሻ ይበልጥ ይሰካዋል። ወደ ታች ወርዶ የምግብ ቧንቧን ሊወጋም ይችላል። ኮምጣጤም በጥቂት ደቂቃ አጥንት አያሟሟም፣ ጉሮሮን ያቃጥላል እንጂ። ለማስታወክም አይሞክሩ።

ከባዱ ነገር እሾህዋ አለች ወይስ ቧጭራ ብቻ ሄዳለች የሚለውን መለየት ነው። የቧጨረችው ቦታ እሾህዋ ከሄደች በኋላም ያለች ያህል ይሰማል። ግን ሰፋ ብሎ የሚሰማ መቆርቆር ነው፤ ሰዓት በሄደ ቁጥር እየቀነሰ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ይጠፋል። ያለች እሾህ ግን ቦታዋን አትለቅም። በአንድ ጎን ነው፣ በጣት ሊያሳዩት ይችላሉ፣ በዋጡ ቁጥር ይወጋል። እንዲህ ከሆነ በዕለቱ ይታዩ። ሌላው ስሜትም እስከ ማግስቱ ካልቀነሰ አይጠብቁ።

እኔ በማግስቱ ሄጄ ራጅ ተነሣሁ። «ምንም የለም» ተባልኩና ወደ ቤት ተመለስኩ። ስስ የዓሣ እሾህ በራጅ ላይታይ እንደሚችል ያን ጊዜ አላወቅሁም። በሦስተኛው ቀን ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ጉሮሮዬን ማደንዘዣ ረጭቶ በአፍንጫዬ ቀጭን ካሜራ አስገብቶ አየ። ምላሴ ሥር ተቀብራ፣ ጫፏ ብቻ ብቅ ብሎ ነበር። ራጁ ንጹሕ ሆኖ ሕመሙ ከቀጠለ እንግዲህ ይህን ምርመራ ይጠይቁ፤ ካሜራው ካልደረሰበት ሲቲ ስካን ይታዘዛል።

ምራቅ መዋጥ አቅቶዎ ከአፍዎ ከፈሰሰ፣ ደም ከተፉ፣ ደረትዎን ወይም አንገትዎን ካመመዎት፣ አንገትዎ ካበጠ ወይም ትኩሳት ከመጣ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ድምፅ ካልወጣ ደግሞ ደቂቃ አያባክኑ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆኑ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው።