ፊት የተቀየረበትን ፎቶ ሲያጋሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በገና ሰሞን፣ አንዲት እናት ደብረ ብርሃን ቤታቸው ውስጥ የተነሡትን የቤተሰብ ፎቶ ይዘው እሠራበት ወደነበረው ፎቶ ቤት መጡ። በፎቶው ላይ ሰባት ሰዎች አሉ፤ የቀረው ሪያድ የሚሠራው የበኵር ልጃቸው ብቻ ነው። ከግራ ሦስተኛ ሆኖ የቆመው የወንድማቸው ልጅ በቁመትም በትከሻም ከእሱ ጋር ስለሚመሳሰል፣ ሆን ብሎ በእሱ ቦታ ቆሞላቸው ነበር፤ የእኔ ሥራ የዚህን ወጣት ፊት አውጥቼ ልጃቸው ከሪያድ ከላከው ፎቶ ላይ የተወሰደውን ፊት መተካት ነበር። ሥራው አማረ፤ ፎቶው ታትሞ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ እዚያ ማንንም አላሳሳተም። ችግሩ የመጣው ያው ፎቶ በቴሌግራም ሲላክ ነው። ደሴ ያሉ አክስቱ «አገር ገብቶ ሳይጠይቀኝ!» ብለው አኮረፉ፤ ልጁም ሪያድ ተቀምጦ «እንኳን ደህና ገባህ» ለሚሉት ሁሉ መልስ ሲሰጥ ሰነበተ። ማንም ለመዋሸት አላሰበም። እኔ ግን ፋይሉን ስሰጣቸው ምንም ምልክት አላደረግሁበትም ነበር፤ ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኛዎቹ በዚያ ፎቶ ላይ የሠራኋቸው ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት «ኤዲት የተደረገ» ብሎ ማለፍ ነው። በዛሬ ጊዜ ብርሃኑ ያልተስተካከለ ፎቶ ማግኘት ስለሚከብድ፣ ይህ ቃል ለአንባቢው ምንም አይነግረውም። ፊት መቀየር ራሱም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በአንድ ሠርግ ላይ በተከታታይ ከተነሡ አምስት ፎቶዎች በአንደኛው ዓይኗን የጨፈነችውን ሚዜ ፊት ከሌላኛው ወስዶ መተካት አለ፤ ሚዜዋ በቦታውም በሰዓቱም ነበረች። በቦታው ያልነበረን ሰው ፊት በሌላ ሰው አካል ላይ ማስቀመጥ ግን ያልሆነን ነገር የሚናገር ምስል ይፈጥራል። ስለዚህ ምልክቱ የማን ፊት እንደተቀየረና አዲሱ ፊት ከየት እንደመጣ መናገር አለበት፤ ለዚያ ፎቶ ልጽፍለት የሚገባኝ «ቅንብር ምስል፦ ከግራ 3ኛው ሰው ፊት ሪያድ ከተነሣ ሌላ ፎቶ የገባ ነው» የሚል ነበር። በነገራችን ላይ «የተቀነባበረ» የሚለውን ቃል እሸሸዋለሁ፤ በእኛ ቋንቋ ሤራ የሚመስል ድምፅ ስላለው ደንበኞች አይወዱትም፣ ካልወደዱትም ቆርጠው ይጥሉታል። «ቅንብር» ግን በሙዚቃም ስለምንጠቀምበት ማንንም አይከስም።

ሁለተኛው ስህተት እውነቱን ከምስሉ ውጭ መጻፍ ነው። ኒውስዊክ መጽሔት በመጋቢት 2005 እ.ኤ.አ. የታዋቂዋን አሜሪካዊት የቴሌቪዥን አቅራቢ የማርታ ስቱዋርትን ፊት በአንዲት ሞዴል አካል ላይ አስቀምጦ በሽፋኑ አወጣ። መጽሔቱ ነገሩን አልደበቀም፤ ምስሉ የተቀናበረ መሆኑን በውስጥ ገጽ በትንንሽ ፊደላት ጽፎ ነበር። ይሁን እንጂ ሽፋኑን በሱቅ መደርደሪያ ላይ ያየ ሰው ገጽ ገልጦ አያነብም፤ ወቀሳውም የመጣው በዚሁ ምክንያት ነው። የዛሬው የውስጥ ገጽ ከፎቶው ሥር የምንጽፈው መግለጫ ነው። ቴሌግራም መልእክት ሲያስተላልፉ የላኪውን ስም ብቻ ሳይሆን መግለጫውንም ለመደበቅ ያስችላል፤ ፎቶውን ስልኩ ላይ አስቀምጦ እንደገና የሚልክ ሰው ደግሞ መግለጫውን ይዞ አይሄድም። ስለዚህ ጽሑፉ ምስሉ ላይ መታተም አለበት፤ ከሥሩ ያለው መግለጫ ተጨማሪ ነው እንጂ ምትክ አይሆንም።

ምስሉ ላይ መጻፉ ራሱ የራሱ ስህተቶች አሉት፤ እኔም እዚህ ላይ ነው ብዙ የተማርሁት። ብዙዎች ነጭ ጽሑፍ በግማሽ ድምቀት ከታችኛው ጥግ ያስቀምጣሉ። የበዓል ፎቶ ላይ ከታች ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ ነው፤ ነጭ ጽሑፍ በነጭ ነጠላ ላይ ይጠፋል። ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ሰሌዳ ከሥር አድርጎ ነጩን ጽሑፍ በላዩ ላይ መጻፍ በማንኛውም ልብስ ላይ ይሠራል። ጥጉም ቢሆን ጥሩ ቦታ አይደለም፤ ለመገለጫ ፎቶ በክብ ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚሄዱት አራቱ ጥጎች ናቸው። ከፎቶው ግርጌ ተጨማሪ ነጭ ኅዳግ ጨምሮ እዚያ መጻፍ ደግሞ ለሚቆርጠው ሰው ሥራውን ማቅለል ነው። የተሻለው ቦታ ፊቱ በተቀየረው ሰው ደረት አካባቢ ነው፤ ጽሑፉን ለመቁረጥ የፈለገ ሰው ያን ሰው አብሮ መቁረጥ ይኖርበታል። ውበቱን ይቀንሳል የሚል ቅሬታ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ለዚህ መፍትሔው ግድግዳ ላይ ለሚሰቀለው ያልተጻፈበትን ማተም፣ ለሚጋራው ፋይል ግን የተጻፈበትን ብቻ መስጠት ነው።

የፊደሉ መጠንም ከላቲን ፊደል የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ፊደላችን «ሰ»ን ከ«ሱ»፣ «በ»ን ከ«ቢ» የሚለየው በትንሽ ቅጥያ ስለሆነ፣ ምስሉ ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚደበዝዘው ያ ቅጥያ ነው። በኮምፒዩተሬ ሰፊ ስክሪን ላይ ጥርት ብሎ የታየኝ ጽሑፍ በስልክ ላይ የጉንዳን ሰልፍ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ መመዘኛዬ አንድ ነው፦ ፎቶውን ለራሴ በቴሌግራም እልካለሁ፤ ሳላሰፋው ስልኩን በክንድ ርቀት ይዤ አነብባለሁ። ካልተነበበልኝ ፊደሉን አሳድጋለሁ፤ አሁንም ካልበቃው ዓረፍተ ነገሩን አሳጥረዋለሁ።

አሁን ወደማይታየው ክፍል እንምጣ። ማንኛውም የካሜራ ፎቶ በውስጡ ሜታዳታ ይይዛል፤ የተነሣበት ቀንና ሰዓት፣ የካሜራው ዓይነት፣ ከስልክ ከሆነ ብዙ ጊዜ የቦታው መጋጠሚያ ጭምር ይመዘገብበታል። ፊት ስንቀይር ሥራው የሚሠራው በአንደኛው ፎቶ ፋይል ላይ ስለሆነ፣ የተጠናቀቀው ምስል የዚያን ፎቶ ሜታዳታ እንዳለ ይወርሳል። በእኛ ምሳሌ ፋይሉ «ደብረ ብርሃን፣ በገና ዕለት፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት» ይላል፤ ልጁ ግን በዚያ ሰዓት ሪያድ ነበር። በምስሉ ላይ ምንም ያልጻፈ ሰው ዝም አለ ሊባል ይችላል፤ ይህ ፋይል ግን ዝም አላለም፤ ልጁ በቦታው እንደነበር በቀንና በቦታ ያስረዳል። እንዲህ ያለ ፎቶ የቤተሰብ ግንኙነትን ለማስረዳት ከቪዛ ማመልከቻ ጋር ቢያያዝ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ማሰብ አያዳግትም። ሜታዳታውን አለመንካት ታማኝነት የሚመስላቸው ሰዎች ይህን አያስተውሉም።

ለዚህ የተዘጋጀ ቦታ አለ። የዜና ድርጅቶች ለፎቶ መረጃ የሚጠቀሙበት የአይፒቲሲ ደረጃ DigitalSourceType የሚባል መስክ አለው፤ ምስሉ በምን መንገድ እንደተሠራ የሚገልጸው በተወሰኑ ቃላት ነው። ሁሉም ክፍሎቹ በካሜራ ከተነሡ ፎቶዎች የመጡ ከሆነ ቃሉ compositeCapture ነው። ፊቱን የተካው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ መተግበሪያ ከሆነና አዲስ የምስል ነጥቦችን ፈጥሮ ከሞላ ግን compositeWithTrainedAlgorithmicMedia ይሆናል። ሁለቱን ማምታታት ቀላል ስህተት አይደለም፤ ሁሉንም የከበደውን ስም እሰጠዋለሁ ማለትም አያዋጣም። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ በ2024 እ.ኤ.አ. ጥቂት ብቻ ያስተካከሏቸውን ፎቶዎች ሳይቀር በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ የሚያስመስል ምልክት ሲለጥፍባቸው፣ ፎቶ አንሺዎች ስለተቃወሙ የምልክቱን ቃል ለመቀየር ተገድዷል።

መረጃውን ለመጻፍ ነፃ የሆነው ኤግዚፍቱል የሚባለው ፕሮግራም ይበቃል። በትእዛዝ መስኮት ፊደላችንን በቀጥታ መጻፍ፣ በተለይ በዊንዶውስ ላይ፣ ወደ ጥያቄ ምልክትነት ሊለወጥ ስለሚችል፣ መግለጫውን በዩቲኤፍ-8 በተቀመጠ የጽሑፍ ፋይል ጽፎ ከዚያ ማስገባት ይሻላል፦

```
exiftool "-XMP-dc:Description<=note.txt" -XMP-iptcExt:DigitalSourceType="http://cv.iptc.org/newscodes/digitalsourcetype/compositeCapture" beteseb.jpg
exiftool -XMP:all beteseb.jpg
```

ሁለተኛው ትእዛዝ የተጻፈውን መልሶ ያሳያል፤ አማርኛው ተነባቢ ሆኖ ከወጣ ሥራው ተሳክቷል። በ`note.txt` ውስጥ የሁለቱንም ፎቶዎች ቀንና ቦታ እጽፋለሁ፤ ዋናው ፎቶ የተነሣው መቼና የት እንደሆነ፣ የገባው ፊት ደግሞ ከየትኛው ፎቶ እንደመጣ። የቤታቸው መጋጠሚያ እንዳይታወቅ የሚሰጉ ደንበኞች አሉ፤ ስጋታቸው ተገቢ ነው። ስህተቱ በዚህ ምክንያት ሜታዳታውን በሙሉ መጥረግ ነው፤ ምልክቱም አብሮ ይጠረጋል። የቦታውን መረጃ ብቻ ለማውጣት `exiftool -gps:all= beteseb.jpg` ይበቃል።

ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ በሜታዳታው ብቻ መተማመን ደግሞ ሌላ ስህተት ነው። ቴሌግራምም ዋትስአፕም ምስልን እንደ ፎቶ ሲልኩ ጨምቀው እንደ አዲስ ስለሚሠሩት የጻፉት ሁሉ ይጠፋል፤ የስክሪን ቅጂ የሚያነሣ ሰውም ምስሉን እንጂ መረጃውን አይወስድም። በቴሌግራም እንደ ፋይል ከተላከ ግን መረጃው እንዳለ ይደርሳል። ስለዚህ ለአታሚ፣ ለጋዜጣ ወይም ለማኅደር የሚሄደውን እንደ ፋይል ይላኩ፤ ለቤተሰብ ቡድን በፎቶ መልክ የሚሄደውን ደግሞ በላዩ ላይ የታተመው ጽሑፍ ይጠብቀዋል። የሚታየው ጽሑፍ የሚያስፈልገው ሜታዳታው ስለሚጠፋ ነው፤ ሜታዳታው የሚያስፈልገውም ጽሑፉ በሰው እጅ ሊፋቅ ስለሚችል ነው።

የመጨረሻው ስህተት ምልክት ሳያደርጉ የለጠፉትን ፎቶ ድምፅ ሳያሰሙ መተካት ነው። በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. የዌልስ ልዕልት ከልጆቿ ጋር ያለችበት፣ ሳይገለጽ የተስተካከለ ፎቶ ሲወጣ፣ የልዕልት ሻርለት እጅጌ ከእጇ ጋር እንደማይገጥም ተስተዋለ፤ አሶሼትድ ፕሬስ፣ ሮይተርስና ኤኤፍፒ ለደንበኞቻቸው ሁሉ «ይህን ፎቶ አትጠቀሙ» የሚል ማስታወቂያ ላኩ፤ ልዕልቲቱም በማግስቱ ማስተካከሏን አምና ይቅርታ ጠየቀች። የዜና ወኪሎቹ ፎቶውን የሰጧቸውን ሰዎች ስለሚያውቁ ይህን ማድረግ ቻሉ። በቴሌግራም ግን በራስዎ ገጽ ላይ ያለውን ምስል ቢቀይሩ፣ ቀድሞ የተላለፉት ቅጂዎች አይቀየሩም። ስለዚህ ፊቱ ያልተቀየረበትንና የተቀየረበትን ምስል ጎን ለጎን አድርገው በአንድ ፎቶ ላይ ያኑሩ፣ የትኛው የማን እንደሆነ በላዩ ላይ ይጻፉ፣ የመጀመሪያውን ወደላኩበት ቡድን ሁሉ ይላኩ። የደሴዋን አክስት ያስታረቃቸው ይኸው ነው፤ የወንድማቸው ልጅ በሸሚዙና በራሱ ፊት ሲታይ፣ «ለካ አንተ ነህ የቆምህለት» ብለው ስልክ የደወሉት ወደ ደብረ ብርሃን ነበር።